ቁጥሩ የታወቀ ኩሽኔታ ከማን ይገዛ?

ጥያቄ፦ «የተከበሩ አዘጋጅ፤ የምንኖርበት የጋራ ሕንፃ የውሃ ፓምፕ እየጮኸና እየጋለ ቆይቶ በመጨረሻ ቆመ። መካኒኩ ዲናሞውን ፈትቶ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ኩሽኔታዎች እንዳለቁ አሳየን፤ ቀለበታቸው ላይ የአምራቹ የኤስኬኤፍ ስምና 6205-2RS1/C3 የሚል ቁጥር ተነቧል። ሁለት ፍሬ ለመግዛት ስጠይቅ የአንዱ ሱቅ ዋጋ የሌላውን ሦስት እጥፍ ያህላል፤ ሁለቱም ግን ‹ኦሪጅናል ነው› ይላሉ። ኦንላይን ከሁሉም የረከሰ አገኘሁ። አስመጪ ጋ ስደውል ‹በካርቶን ካልሆነ አንሸጥም› አሉኝ። ገንዘቡ የጎረቤቶቼ ስለሆነ ነገ ተጠያቂ ነኝ፤ ከማን ልግዛ?» — የነዋሪዎች ገንዘብ ያዥ

መልስ፦ ዕቃውን ከአምራቹ ሕጋዊ አከፋፋይ እንደወሰደ ሊያሳይዎት ከሚችል፣ በደረሰኙም ላይ የአምራቹን ስምና ሙሉውን ቁጥር ለመጻፍ ከማያመነታ ሱቅ ይግዙ። እንዲህ ያለውን ሱቅ የሚያገኙት ግን ከሱቅ ሱቅ በመዞር ሳይሆን ከላይ ጀምረው ወደ ታች በመውረድ ነው። አስመጪው በካርቶን ብቻ እንደሚሸጥ ሲነግርዎት ጉዳዩ እዚያ ያበቃ መስሎዎት ስልኩን የዘጉት ይመስለኛል። ከዚያ ስልክ የሚፈለገው ዋና ነገር ዕቃው አልነበረም፤ «ከእናንተ ወስዶ በፍሬ የሚሸጥ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነበር። ወደዚያ ከመመለሳችን በፊት ግን ያወዳደሯቸው ዋጋዎች በእርግጥ የአንድ ዓይነት ዕቃ ዋጋ መሆናቸውን እንመርምር፤ ከነገሩኝ መካከል ቢያንስ አንዱ የሌላ ዕቃ ዋጋ ሊሆን ይችላልና።

6205 የሚለው ክፍል መጠኑን ይናገራል። የውስጡ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር፣ የውጭው ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር 52 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ መጠን በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ስለሆነ የስዊድኑም፣ የጃፓኑም፣ የጀርመኑም 6205 አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ምንም ችግር ይገባል። ቀጥሎ የሚመጣው 2RS1 ኩሽኔታው በሁለቱም ጎኑ የጎማ መዝጊያ እንዳለው ይገልጻል፤ ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። መጠኑን ሁሉም አምራቾች በአንድ ቁጥር ሲጽፉ መዝጊያውን ግን እያንዳንዱ በራሱ ፊደል ይጽፈዋል። ኤንኤስኬ የተባለው የጃፓን አምራች ይህንኑ ዓይነት የጎማ መዝጊያ DDU ሲለው፣ ሌላው የጃፓን አምራች ኤንቲኤን LLU ይለዋል፤ በጀርመኑ ኤፍኤጂ ዕቃዎች ላይ ደግሞ 2RSR የሚል ታገኛላችሁ። ኤስኬኤፍ ራሱም በብዙ መጠኖች ላይ የቀድሞውን 2RS1 በ2RSH ተክቶታል። ስለዚህ ባለ ሱቁ 6205-2RSH/C3 ቢያቀርብልዎት «የእኛ ቁጥር አይደለም» ብለው አይመልሱት፤ ይልቁንም አዲስ ምርት ለመሆኑ አንድ ጥሩ ምልክት ነው።

በአንጻሩ 2Z ወይም ZZ የሚል ከተጻፈበት መዝጊያው ጎማ ሳይሆን ብረት ነው። የብረቱ ሽፋን የውስጡን ቀለበት ስለማይነካ አቧራን ቢከላከልም እርጥበትን እንደ ጎማው አያግድም። ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ «ያው ነው» ተብሎ የሚሸጠውም በዚህ ምክንያት ነው። ለሌላ ማሽን በእርግጥም ያው ሊሆን ይችላል፤ ለውሃ ፓምፕ ዲናሞ ግን፣ በተለይም ቀድሞ የነበረው ጎማ ከሆነ፣ በብረት መተካቱን አልመክርም።

ብዙ ሰው የሚዘለውና ብዙ ሻጭም የሚተወው የመጨረሻው C3 ነው። ይህ ምልክት በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል የተተወው ክፍተት ከተለመደው የሰፋ መሆኑን ያመለክታል። ልዩነቱ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ በዚህ መጠን ኩሽኔታ ላይ የተለመደው ክፍተት ከ5 እስከ 20 ማይክሮ ሜትር ሲሆን የC3 ከ13 እስከ 28 ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ሆኖም ዲናሞ ሲሠራ ዘንጉ ይሞቃል፣ የውስጡ ቀለበት ከሙቀቱ የተነሣ ይሰፋል፣ ቀድሞውንም በግድ ተገፍቶ በዘንጉ ላይ የገባ ስለሆነ ክፍተቱ እየጠበበ ይሄዳል። ክፍተቱ ካለቀ ኳሶቹ ተጨንቀው ይዞራሉ፣ ኩሽኔታው የበለጠ ይግላል፣ ግራሶው ይቃጠላል፤ ዕድሜውም ያጥራል። እንግዲህ ኦንላይን ያገኙት ርካሽ ዕቃ 6205-2RS ብቻ የሚል ከሆነና C3 ካልተጻፈበት፣ የተለየ ዕቃ ዋጋ ነው ያነበቡት። ለሻጭም ሲደውሉ «የፓምፕ ኩሽኔታ አለ?» ብለው አይጠይቁ፤ እንዲህ ሲጠየቅ መደርደሪያው ላይ ያለውን ይሰጥዎታል። ሙሉውን ቁጥር እስከ C3 ድረስ ይንገሩት፤ እሱም መልሶ እንዲያነብልዎት ያድርጉ።

አሁን ወደ ሻጮቹ እንመለስ። ትልልቆቹ የኩሽኔታ አምራቾች በየአገሩ የፈቀዱላቸውን አከፋፋዮች ስም በድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ የኤስኬኤፍም እንዲሁ አገር ተመርጦ የሚፈለግበት ገጽ አለው። ፍለጋው የሚጀመረው ከዚህ ነው። በሱቁ በር ላይ የተለጠፈው የአምራቹ አርማም ሆነ «ብቸኛ ወኪል» የሚለው ሰሌዳ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃ የሚሆነው አምራቹ ራሱ በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው ስም ነው። የደወሉለት አስመጪ በዝርዝሩ ውስጥ ካለ በካርቶን መሸጡ አያስገርምም፤ ሥራው ለፋብሪካና ለቸርቻሪ ማቅረብ ስለሆነ ሁለት ፍሬ ለመሸጥ ደረሰኝ መቁረጡ አያዋጣውም። ይሁን እንጂ አስመጪው ቸርቻሪ ደንበኞቹን ያውቃቸዋል፤ ወደ እነሱ መምራቱም የራሱን ሽያጭ ማሳደግ ስለሆነ ስማቸውን ለመናገር አይቸገርም። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «6205-2RS1/C3 ወይም 2RSH/C3 ሁለት ፍሬ ነው የምፈልገው፤ እናንተ በፍሬ እንደማትሸጡ አውቃለሁ፤ በቅርቡ ይህንን ቁጥር ከእናንተ የወሰደ ሱቅ ማን ነው?» «በቅርቡ» የሚለው ቃል ይኑርበት፤ ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ካርቶን የወሰደ ሱቅ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ያለው ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ዓይነት አስመጪ አለ፤ ይህን በቀጥታ አጭበርባሪ ማለት ተገቢ አይደለም። ከአምራቹ ጋር ውል የሌለው፣ በሌላ አገር ካለ ጅምላ ነጋዴ ገዝቶ የሚያስገባ ነጋዴ ነው። ያመጣው ዕቃ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ከሕጋዊው አከፋፋይ የረከሰ እውነተኛ ዕቃ የሚገኘው ከእሱ ነው። ነገር ግን ዕቃው በስንት እጅ እንዳለፈ እሱ ራሱ ላያውቅ ይችላል፣ ቅሬታ ቢነሣም በአምራቹ በኩል የሚከራከርልዎት የለም። ለራስዎ ቢገዙ ኃላፊነቱን ይወስዱ ይሆናል፤ የሰው ገንዘብ ይዘው ግን ከየት እንደመጣ በወረቀት ሊረጋገጥ የማይችል ዕቃ መግዛቱ ነገ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ ያሳጣዎታል።

ስሙ ወደተነገረዎት ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዘው ይሂዱ። ባለ ሱቁ ኩሽኔታውን ከመሳቢያ አውጥቶ ያለ ሳጥን በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ ከሰጠዎት፣ ጥሩም ቢሆን ከየት እንደመጣ የሚናገር ነገር የለውምና ይለፉት። ሳጥን ካለው በሳጥኑ ላይ ያለውንና በቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጎን ለጎን ያንብቡ። አንዳንድ አምራቾች ቀለበቱ ላይ ቁጥሩን አሳጥረው ስለሚጽፉ ትንሽ የፊደል ልዩነት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ሳጥኑ C3 እያለ ኤስኬኤፍ የሚል ቀለበት ላይ C3 ከሌለ ግን ዕቃውና ሳጥኑ ተለዋውጠው ይሆናልና ማብራሪያ መጠየቅ ይገባል። ካሊፐር ካለ 25፣ 52 እና 15 ሚሊ ሜትር መሆኑን መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ሻጭ የውስጡን ቀለበት በጣቱ ይዞ የውጭውን ፈተል ያደርግና «አየህ እንዴት ይዞራል!» ይላል። ለጎማ መዝጊያ ኩሽኔታ ይህ ነገሩን የተገላቢጦሽ ማየት ነው። ጎማው የውስጡን ቀለበት እየነካ ስለሚዞር፣ አዲስ ግራሶም በውስጡ ስላለ፣ ደህናው ኩሽኔታ ሲገፉት ለስለስ ብሎ ትንሽ ይዞርና ይቆማል። እንደ መጫወቻ ብዙ ጊዜ የሚሽከረከር ከሆነ ጎማው አይነካም፣ ወይም ግራሶው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ማለት ነው። ሲዞር በጣት ላይ የአሸዋ ዓይነት ስሜት ከሰጠ ደግሞ ምንም ሳይነጋገሩ ይመልሱት፤ አሮጌ ኩሽኔታን አጥበውና አብርቀው፣ አዲስ ቁጥር ቀርጸውበት የሚሸጡ አሉና።

የተመረተበት አገር ስም ግን አያስደንግጥዎት። ኤስኬኤፍ የስዊድን ኩባንያ ቢሆንም ፋብሪካዎቹ በጣሊያንም፣ በሕንድም፣ በቻይናም፣ በሌሎችም አገሮች አሉ፤ ኤንኤስኬም ከጃፓን ውጭ ያመርታል። «የስዊድን ነው ካልተጻፈበት ፎርጅድ ነው» የሚለው የሱቅ ወሬ እውነተኛውን ዕቃ ያስጥላል፤ አስመሳዩ ደግሞ ገዢው የሚወደውን የአገር ስም መጻፍ አያቅተውም። በአጠቃላይ ኅትመቱን በዓይን አይቶ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ለባለሙያም ይከብዳል። ሳጥኑን የሚያስመስለው ሰው ሥራው እሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የዓለም ኩሽኔታ አምራቾች ማኅበር በሐሰተኛ ዕቃ ላይ በሚያካሂደው ዘመቻ ከሕጋዊ አከፋፋይ ግዙ እያለ የሚወተውተው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥርጣሬ ካለዎት ኤስኬኤፍ SKF Authenticate የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለው፤ ሳጥኑንና ቀለበቱን መተግበሪያው በሚመራዎት መንገድ ፎቶ አንሥተው ሲልኩ የኩባንያው ባለሙያዎች አይተው ይመልሳሉ። መልሱ ወዲያውኑ ስለማይመጣ ከመግዛትዎ በፊት ባለ ሱቁ ፎቶ እንዲያነሡ መፍቀዱን ይጠይቁ። ኤፍኤጂን የሚያመርተው ሼፍለር ደግሞ በሳጥኑ ላይ ያለውን ኮድ በስልክ የሚያነብ OriginCheck የሚባል መተግበሪያ አለው። ፎቶ ማንሣት የሚከለክል ሻጭ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ቢችልም፣ እኔ ብሆን ከእሱ አልገዛም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የአገሩ ገንዘብ ምንም ይሁን ምን፣ ከሕጋዊው አከፋፋይ የሚወስደው ሱቅ አንዱን ፍሬ በ100 ይሸጣል እንበል። ሁለቱ 200 ይሆናሉ። ርካሹ ሱቅ ደግሞ በ35 ቢሸጥ ሁለቱ 70 ናቸው፤ ስለዚህ ከእሱ የገዛ 130 ያተርፋል። መካኒኩ ፓምፑን ለመፍታት፣ ኩሽኔታዎቹን ለመቀየርና መልሶ ለመግጠም 300 ያስከፍላል ብንል፣ ርካሹ ኩሽኔታ በጥቂት ወራት ውስጥ ቢበላሽ የሚከተለው ኪሣራ 70 አይደለም፤ ሌላ 300 ለመካኒክና ሌላ 200 ለደህናው ኩሽኔታ፣ በድምሩ 500 ነው። 130 ለማትረፍ 500 ለማጣት መጋለጥ የሚያዋጣው ርካሹ ያለ ጊዜው የመበላሸት ዕድሉ ከአራት አንድ በታች መሆኑን ያወቀ ሰው ብቻ ነው፤ ኦሪጅናል ያልሆነውን ኦሪጅናል ነው ብሎ ከሸጠ ሰው ላይ የተገዛ ዕቃ ዕድሉ ስንት እንደሆነ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ኩሽኔታው ተሰብሮ የዲናሞው ሽቦ ቢቃጠል ወይም ነዋሪው ለቀናት ያለ ውሃ ቢቀር የሚመጣውን ወጪ በሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁም። የእርስዎ መካኒክ የሚያስከፍለውን በ300 ቦታ አስገብተው ራስዎ ይሥሩት፤ የእጅ ሥራው ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር በጣም ርካሽ በሆነበት ቦታ ውጤቱ ሊለወጥ ይችላል።

ኦንላይን ሲባል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንዱ ማንም ነጋዴ ገብቶ የሚሸጥበት የገበያ መድረክ ነው። እዚያ 20 ተብሎ የተጻፈው ዋጋ የመድረኩ ሳይሆን የአንድ ነጋዴ ዋጋ ነው፤ የሚታየውም ፎቶ ብዙ ጊዜ ከአምራቹ ካታሎግ የተወሰደ እንጂ የሚላከው ዕቃ ፎቶ አይደለም። ሻጩን «በእጅህ ያለውን ሳጥንና ቀለበት ዛሬ አንሥተህ ላክልኝ» ብለው ይጠይቁት፤ ካልላከ መልሱ ያ ነው። የአምራቹ ስም በርዕሱ ላይ «ለኤስኬኤፍ የሚሆን» በሚል አኳኋን ከገባም ዕቃው የኤስኬኤፍ አይደለም ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሌላ አገር ያለ ሕጋዊ አከፋፋይ የራሱ የኦንላይን መደብር ነው፤ ዕቃው አስተማማኝ ነው፣ የሚያስቸግረው ማስመጣቱ ነው።

አንድ 6205 ኩሽኔታ 130 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሁለቱ ሩብ ኪሎ ያህል ናቸው። ይሁን እንጂ ፈጣን ላኪዎች ክብደቱ ምንም ቢያንስ የማይወርዱበት ዝቅተኛ ክፍያ አላቸው። በምሳሌያችን ፍሬው በ80 ተገዝቶ ሁለቱ 160 ቢሆኑ፣ ማጓጓዣው 220 ሊሆን ይችላል። በብዙ አገሮች የጉምሩክ ቀረጥ የሚታሰበው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን በማጓጓዣውና በኢንሹራንሱም ጭምር ስለሆነ፣ በርካሽ ዕቃ ላይ ውድ ማጓጓዣ ሲጨመር ቀረጡም አብሮ ያድጋል፤ በላዩ ላይ ላኪው ሰነድ ለማስጨረስ የሚጠይቀው ክፍያ አለ። ቀረጡና የሰነዱ ክፍያ 100 ቢሆን ጠቅላላው 480 ይሆናል፤ ሱቁ ጋ 200 ለሚገኘው ዕቃ ማለት ነው። ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር መመለሱ ነው፤ የተሳሳተ ዕቃ ቢመጣ መልሶ ለመላክ የሚከፈለው ከዕቃው ዋጋ ስለሚበልጥ የመመለስ መብቱ በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከውጭ በኦንላይን ማዘዝ የሚገባው ዕቃው በአገር ውስጥ ጨርሶ ሲጠፋ ወይም በርካታ ልዩ ልዩ መለዋወጫዎች በአንድ ጭነት ሲመጡ ነው። 6205 ግን በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው የኩሽኔታ መጠኖች አንዱ ስለሆነ ይጠፋል ብዬ አልገምትም።

ካርቶኑን ለመግዛት ከአጎራባች ሕንፃዎች ጋር ለመጋራት አስበው እንደሆነም በአጭሩ ልመልስ። አሥር ፍሬ በ75 ሒሳብ 750 ነው፤ አምስት ሕንፃ በአንድ ጊዜ የሚቀይር ከሌለ ስምንቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። በጎማ የተዘጋ ኩሽኔታ በውስጡ ያለው ግራሶ ሳይሠራበትም ያረጃል፤ አምራቹም እንዲህ ያለውን ኩሽኔታ ከ3 ዓመት በላይ አለማስቀመጡን ይመክራል። ይህ ምክር ለሱቁም ይሠራል፤ ሳጥኑ የደበዘዘና ጠርዙ የተበላ ከሆነ መቼ እንደገባ ይጠይቁ።

ባለ 100ው ለነዋሪው ከበደ ከተባለ፣ ወደ ባለ 35ቱ ከመሄድ የሚሻል መካከለኛ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ባያስበውም እኔ በጣም የማምንበት ነው። በራሱ ስም የሚሸጥ፣ እምብዛም ዝነኛ ያልሆነ አምራች የሠራውን 6205-2RS C3 በ50 ወይም በ60 ይጠይቁ። ስሙን ሳይደብቅ የሚሸጥ አምራች ዕቃው ቢበላሽ የሚጠፋው የራሱ ስም ነው፤ የኤስኬኤፍን ሳጥን አስመስሎ የሚያሳትም ሰው ግን የሚጠፋ ስም የለውም። ባለ ሱቁንም «የውድ አምራች ዕቃ በርካሽ ሳይሆን የርካሽ አምራች ዕቃ በትክክለኛ ዋጋው ስጠኝ» ቢሉት ይገባዋል፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ከመሳቢያው ሥር አውጥተው ያሳያሉ። እዚህም ላይ ጎማውና C3ቱ አይቀሩ።

ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይስማሙ። አንደኛው ደረሰኙ ነው፤ «ኩሽኔታ 2 ፍሬ» የሚል ደረሰኝ ለጎረቤቶችዎም ለክርክርም አይረባም፤ የአምራቹ ስም፣ 6205-2RSH/C3 የሚለው ሙሉ ቁጥርና ቀኑ ይጻፍበት። ኦሪጅናል ነው ብሎ በአፉ የማለ ሰው በወረቀት ለመጻፍ ካመነታ ዋጋውን በሌላ ዓይን ይመልከቱት። ሁለተኛው መመለሱ ነው፤ ማሸጊያው እስካልተከፈተ ድረስ ሊመለስ መቻሉን፣ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ ተከፍቶም ቢሆን ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጠይቁ። በዚህም የተነሣ ማሸጊያው ቤት ሲደርስ ሳይሆን መካኒኩ ሊገጥም በተቀመጠበት ሰዓት ይከፈት። ግራሶው ከፋብሪካ የተሞላ ስለሆነ በቤንዚን ማጠብም ሆነ ሌላ ግራሶ መጨመር አያስፈልግም።

ለመካኒኩም አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሩት፤ ኩሽኔታውን በዘንጉ ላይ ሲያስገባ የሚመታው ወይም የሚገፋው የውስጡን ቀለበት ብቻ ይሁን። የውጭውን ቀለበት እየመታ ካስገባው ጉልበቱ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ እውነተኛውም ኩሽኔታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጮኻል፤ ያን ጊዜ ሻጩ በመካኒኩ፣ መካኒኩ በሻጩ ሲያሳብብ እርስዎ መካከል ላይ ይቆማሉ። ሳጥኑንና አሮጌዎቹን ኩሽኔታዎች ሳይጥሉ ያስቀምጡ፤ አዲሶቹንም ከመግባታቸው በፊት ቁጥራቸው እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሡ።

በመጨረሻም አሮጌውን ኩሽኔታ ጎማውን በቢላ ጫፍ አንሥተው ውስጡን ይዩት። ግራሶው ጠቁሮና ደርቆ ከሆነ ሙቀትና ዕድሜ ነው የጨረሰው። የዝገት ቀለም ይዞ ከተገኘ ግን ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህም በፓምፑና በዲናሞው መካከል ያለው፣ ሲል የሚባለው የውሃ መከልከያ ያፈስሳል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ የሲሉን ቁጥር ወይም ልኩን ከመካኒኩ ተቀብለው ወደ ሱቅ በሚሄዱበት በዚያው ቀን አብረው ይግዙት፤ ሲሉ ሳይቀየር የገባ ኩሽኔታ ከየትኛውም ሻጭ ቢገዛ በዚያው ውሃ ይበላሻል።